የደረት ራጅ ውጤት ላይ የሚሰፍሩት ቃላት ምን ማለት ናቸው?

የደረት ራጅ ውጤቱን የተቀበለ ታካሚ ‘ኮንሶሊዴሽን’፣ ‘ኢፊውዥን’ ወይም ‘ካርዲዮሜጋሊ’ የሚሉ ቃላትን ሲያነብ ሊደነግጥ ይችላል። ሦስቱም ግን በምስሉ ላይ የታየውን የሚገልጹ እንጂ የበሽታ ስሞች አይደሉም።

በራጅ ላይ አየር የያዘ ሳንባ ጠቆር ብሎ፣ ፈሳሽና አጥንት ደግሞ ነጣ ብለው ይታያሉ። ‘ኮንሶሊዴሽን’ የሚባለው በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በአየር ፈንታ በመግል፣ በውሃ ወይም በደም ሲሞሉ ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው የሳንባ ምች ቢሆንም ቲቢም ተመሳሳይ ምስል ሊፈጥር ይችላል።

‘ኢፊውዥን’ ፈሳሹ በሳንባው ውስጥ ሳይሆን ሳንባን በሸፈኑት ሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል መጠራቀሙን ያመለክታል። ታካሚው ቆሞ ሲነሳ ፈሳሹ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ሹል ሆኖ መታየት የነበረበት የሳንባው የታችኛው ጥግ ይደፈናል። ምክንያቱን ለመለየት ሐኪሙ ከፈሳሹ በመርፌ ቀድቶ ሊያስመረምር ይችላል።

‘ካርዲዮሜጋሊ’ ማለት የልብ መተለቅ ነው። በአዋቂዎች ይህ የሚባለው የልብ ስፋት ከደረት የውስጥ ስፋት ግማሽ ሲበልጥ ነው። ለምሳሌ የደረቱ ስፋት 30፣ የልቡ ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ልኬቱ ከግማሽ አልፏል። ይሁን እንጂ ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ከተነሳ ወይም አየር በደንብ ካልሳበ ጤናማ ልብም ገዝፎ ሊታይ ይችላል። በመሆኑም የልብን ትክክለኛ መጠንና አሠራር ለማረጋገጥ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል።