የጠፋ ፋይል ፍለጋ፦ ከሶፍትዌሩ በፊት ዲስኩን አድኑ

ፋይል ተሰርዞ ሲጠፋ ብዙዎቻችን ወዲያው ኢንተርኔት ከፍተን መመለሻ ሶፍትዌር እንፈልጋለን፤ ያገኘነውንም እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንጭናለን። ሊመለስ ይችል የነበረው ፋይል ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በዚህ መሐል ነው።

ዊንዶውስ ፋይል ሲሰርዝ ይዘቱን አይነካም። በመዝገቡ ላይ «ይህ ቦታ ነጻ ነው» ብሎ ምልክት ያደርጋል እንጂ። ተከራዩ ዕቃውን ሳያወጣ «የሚከራይ ቤት» የሚል ማስታወቂያ እንደተለጠፈበት ቤት ማለት ነው፤ አዲስ ሰው እስኪገባ ድረስ ዕቃው አለ።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በላፕቶፗ ዴስክቶፕ ላይ የነበረውን የዓመቱን ሒሳብ በ Shift+Delete ሰረዘች እንበል። ዴስክቶፕ ያለው አብዛኛውን ጊዜ C: ላይ ነው። ከኢንተርኔት የምታወርደው ፕሮግራምም እዚያው C: ላይ ይቀመጣል፤ ሲጫንም እንደገና እዚያው ይጻፋል። ዊንዶውስ የዲስኩን ቦታ በአብዛኛው በ4 ኪሎባይት እየከፋፈለ ነው የሚያድለው። 60 ሜጋባይት የሚመዝን ፕሮግራም ከ15 ሺህ በላይ ክፍልፋዮችን ይይዛል፤ 200 ኪሎባይት የሆነው የኤክሴል ፋይሏ ግን የያዘው 50 ብቻ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ላይ እንኳ ቢጻፍባቸው ፋይሉ ስሙም መጠኑም ልክ ሆኖ ይመለስና «ተበላሽቷል» ብሎ አልከፈት ሊል ይችላል። የተጻፈበትን ክፍልፋይ ደግሞ ነጻም ሆነ የሚከፈልበት ሶፍትዌር አይመልሰውም።

ይህች ሴት ማድረግ የነበረባት ላፕቶፑን ማጥፋት ነው። ከዚያ ሃርድ ዲስኩን አስወጥታ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ታያይዘዋለች። ሶፍትዌሩን የምትጭነው በዚያኛው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የተገኘውንም ፋይል የምታስቀምጠው በዚያው ወይም በሌላ ዲስክ ላይ እንጂ በተጎዳው ላይ አይደለም። ዲስኩን ማውጣት ካልተቻለ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራውን ዓይነት በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ መጠቀም ይሻላል፤ ሆኖም ዊንዶውስ ራሱ እስከሠራ ድረስ C: ላይ መጻፉን ስለማይተው አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የተሰረዘው ከፍላሽ ወይም ከካሜራ ሚሞሪ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀላል፤ ነቅሎ ማስቀመጥ፣ ሶፍትዌሩንም ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ነው።

ወጪ ከመጀመሩ በፊት የዲስኩን ዓይነት ማወቅም ያስፈልጋል። ኤስኤስዲ ከሆነ ዊንዶውስ የተሰረዘውን ቦታ ለዲስኩ ያሳውቀዋል፤ ዲስኩም ቦታውን በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። እንዲህ ከሆነ በኋላ የሚመለስ ነገር ስለማይኖር ብዙ ገንዘብ ማፍሰሱ ከንቱ ነው።

ከነጻዎቹ መካከል Recuva መዝገቡን ስለሚያነብ ዕድል ከቀና ፋይሉን ከነስሙ ያመጣል። PhotoRec ደግሞ መዝገቡን ትቶ የፋይሎችን አጀማመር እያየ ይለያቸዋል፤ ስለዚህ ፎርማት በተደረገ ሚሞሪ ላይም ይሠራል። ዋጋው ስምና ፎልደር መጥፋቱ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ recup_dir.1 በሚል ዓይነት ፎልደር ውስጥ በቁጥር ሰይሞ ይከምረዋል። የሚከፈልባቸው አብዛኞቹ ዲስኩን በነጻ ፈትሸው ዝርዝሩን ያሳያሉ፤ ገንዘብ የሚጠይቁት ፋይሉን አስቀምጡልኝ ሲባሉ ነው። ስለዚህ ከመክፈል በፊት የስም ዝርዝር አይተው አይርኩ፤ ፎቶውን ወይም ሰነዱን እዚያው ከፍተው ይዩት። ከፍተው ያላዩትን ነገር ብር ይከፍተዋል ብለው አያስቡ። «ክራክ» ተደርጎ በቴሌግራም የሚዞረውን ደግሞ አይንኩት፤ ቫይረስ ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው።

ወደ ባለሙያ መሄድ የግድ የሚሆነው ዲስኩ ሲበላሽ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ኮምፒውተሩ ጨርሶ ካላወቀው ሶፍትዌር አይረዳም፤ እየሠራ በቆየ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። እንዲህ ያለውን የሚከፍተው ከአቧራ የጸዳ ክፍልና መለዋወጫ ያለው ላቦራቶሪ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሰጠው አገልግሎት ግን አብዛኛውን ጊዜ እርስዎም ሊያወርዱት የሚችሉትን ሶፍትዌር ማስኬድ ነው፤ ለዚያ የላቦራቶሪ ዋጋ መክፈል አይገባም።

ዲስክዎን ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወስደው በቅጂው ላይ ነው ወይ የሚሠሩት? ሳልከፍል የተገኘውን ፋይል ተከፍቶ አያለሁ ወይ? ካልተገኘስ እከፍላለሁ? ላፕቶፕዎን ከፍቶ እዚያው ላይ ሶፍትዌር መጫን የሚጀምር ሰው ካጋጠመዎት ግን መልሱን ሳይጠብቁ ዕቃዎን ተቀብለው ይውጡ።