ሆድ ሲብስና ሆድ ሲታመም

ከጓደኞቻችን አንዱ በመጀመሪያው ዓመት ሳለ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ደረሰውና ከትምህርት ቀረ። በማግሥቱ የውጭ አገር ሰው የሆኑት መምህሩ ምክንያቱን ቢጠይቁት «ሆድ ብሶኝ ነው» ሊል አስቦ ቃሉን አንድ በአንድ ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና «ሆዴ ስለ ባሰበት ነው» አላቸው። መምህሩም አዝነው ወደ ሐኪም ላኩት። የሆድ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ፤ ኀዘኑ ግን ሳይነገር ቀረ። እኛም በመጀመሪያ ሳቅን፤ ኋላ ግን ጥፋቱ የት ላይ እንደ ሆነ እንመረምር ጀመር።

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፤ ሆድም ሆድ ነው። ነገር ግን የፈሊጥ ትርጕም ያለው በጠቅላላው ሐረግ እንጂ በየቃሉ አይደለም። ይህንም ለመፈተን አንዱን ቃል በቅርብ ዘመዱ መለወጥ ይበቃል። «አንጀቴን በላው» ስንል «አሳዘነኝ፤ ራራሁለት» ማለታችን ነው። «በላው» በማለት ፈንታ «ዋጠው» ብንል ርኅራኄው ይጠፋል። ከአንጀት ወደ ጎረቤቱ አልፈን «ጨጓራዬን ላጠው» ያልን እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ንዴት ይሆናል። እንግዲህ ቃሉ ሲለወጥ ትርጕሙ የሚፈርስ ሐረግ እንደ አንድ ቃል የሚቆጠር ነውና ተርጓሚው ሊበጣጥሰው አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ስሜት የሚቀመጥበት ብልት በየቋንቋው መለያየቱ ነው። አማርኛ ብዙውን ጊዜ በሆድና በአንጀት ያዝናል፤ እንግሊዝኛ በልብ። የሐዲስ ኪዳን ግሪክኛ ግን ርኅራኄን «የሆድ ዕቃ» በሚል ቃል ይጠራዋል። በ1611 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 3 ቍጥር 17 ላይ ቃሉን እንዳለ «አንጀት» ብሎ አስቀረው። በ1946 የወጣው የታረመ ትርጕም ግን በዚያው ስፍራ «ልብ» አለ። ለእኛ ጆሮ የፊተኛው ይቀርበን ነበር!

አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ቋንቋዎች ይገጥማሉ፤ «ልቡ ተሰበረ» በሁለቱም ኀዘን ነው። አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። እንግሊዛዊ አባት ልጁ ሲመረቅ «ልቤ አበጠ» ቢል ደስታውን መናገሩ ነው፤ በአማርኛ ግን ልቡ ያበጠ ሰው ትዕቢተኛ ነው። «ሆደ ሰፊ» የተባለ ታጋሽ ሰውም በቀጥታ ቢተረጐም ሆዳም ይመስላል።

ስለዚህ ፈሊጥ ሲያጋጥመን አስቀድመን «ተናጋሪው ምን ተሰማው? ለማንስ ይናገራል? ቀልድ ነው ወይስ ምሬት?» ብለን እንጠይቅ። በሌላው ቋንቋ ይህንኑ የሚያህል ፈሊጥ ከተገኘ እሱን እንውሰድ። ካልተገኘ ግን ሥዕሉን ትቶ ነገሩን በግልጽ መናገር ይሻላል፤ ምንም እንኳ ለዛው ቢቀንስ። ጓደኛችንም «ከቤት ክፉ ወሬ ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ» ቢላቸው ኖሮ መምህሩ ወደ ሐኪም ከመላክ ይልቅ አጠገባቸው ባስቀመጡት ነበር።