ከ34 የጀመረው ግራፍ

እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካው ፎክስ ኒውስ፣ በቡሽ ዘመን የተደረገው የግብር ቅናሽ ቢያበቃ ከፍተኛው የግብር ምጣኔ ከ35 ወደ 39.6 በመቶ እንደሚያድግ በሁለት ዓምዶች አሳየ። ቁጥሮቹ ትክክል ነበሩ። ሁለተኛው ዓምድ ግን የመጀመሪያውን ከአምስት እጥፍ በላይ ይበልጠው ነበር፤ እውነተኛው ጭማሪ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ። ምክንያቱ የጎን መስመሩ ከዜሮ ሳይሆን ከ34 መነሳቱ ነው።

እንዲህ ያለ ግራፍ በስልክዎ ፎቶ ቢደርስዎና የጎኑ ቁጥሮች ተቆርጠው ቢቀሩ እንኳ መነሻው አይሰወርም። ዓምዶቹን በማስመሪያ ይለኩ። አንዱ 1፣ ሌላው 5.6 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። የቁመታቸው ልዩነት 4.6 ሳንቲ ሜትር፣ የቁጥሮቹም ልዩነት 4.6 ነው፤ ስለዚህ አንድ ሳንቲ ሜትር አንድ ነጥብን ይወክላል። ከ35 ላይ የመጀመሪያውን ዓምድ 1 ሳንቲ ሜትር ሲቀንሱ 34 ይመጣል።

ፎቶው ከጎን ተዘንብሎ ከተነሳ ግን ልኬቱን አይመኑት፤ ወደ ካሜራው የቀረበው ዓምድ ረዝሞ ይታያል። ደግሞም ሕጉ ለዓምድ ነው፤ ዓምድ ብዛትን የሚናገረው በቁመቱ ነውና ከዜሮ መነሳት አለበት። የመስመር ግራፍ የሚያሳየው የለውጡን አካሄድ ስለሆነ ከሌላ ቁጥር ቢጀምር ጥፋት ላይሆን ይችላል።