ሮቦቱ መዝግቦ ነው የቆመው ወይስ ሳይመዘግብ?

የአቅራቢ ኢንቮይስ ወደ ኢአርፒ ማስገባቱን ለኦሲአርና ለሮቦት መስጠታችንን ከነገርኳችሁ ወዲህ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ኦሲአሩ አማርኛ በትክክል ያነባል ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛን ያስቸገረን ግን ንባቡ ሳይሆን ከንባቡ በኋላ ያለው ነው። ዛሬ እሱን በዝርዝር ልንገራችሁ።

የምንሠራው በኤስኤፒ ነው። ድሮ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ወረቀቱን ከጎኗ አስቀምጣ የግዢ ትዕዛዝ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የኢንቮይስ ቁጥሩን፣ ጠቅላላ ዋጋውንና ቫቱን አንድ በአንድ ትተይብ ነበር። አሁን ወረቀቱ በገባበት ቀን በ300 ዲፒአይ ስካን ይደረጋል፣ ቴሰራክት ያነበዋል፣ ከዚያ ሮቦቱ ራሱ `MIR7` ከፍቶ ይሞላዋል። `MIR7` ኢንቮይሱን ፓርክ ነው የሚያደርገው፤ ማለትም ይቀመጣል እንጂ ሒሳብ ላይ አያርፍም። ፖስት የሚያደርገው ሰው ነው። ለሮቦቱ የራሱን መግቢያ ስም ስንሰጠው የፖስት ፈቃድ የከለከልነው ሆን ብለን ነው።

ንባቡን በተመለከተ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ለተቀላቀለበት ኢንቮይስ በ`-l amh+eng` ነው የምናስነብበው። የድርጅት ስም ላይ ግን ጨርሶ አንመካም። አንዱ «ዓለም» ብሎ ያትማል፣ ሌላው «አለም»፤ ኦሲአሩ ደግሞ «ሰ»ን «ስ» ያደርገዋል። ስለዚህ አቅራቢውን የምንለየው በአሥር አኃዙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከአቅራቢዎች መዝገብ ውስጥ ካልተገኘ ወረቀቱ ወደ ሰው ይሄዳል። በእጅ የተጻፈ ኢንቮይስም እንደዚያው በቀጥታ ወደ ሰው ነው፤ ቴሰራክት የተሠራው ለታተመ ጽሑፍ ነውና።

ገንዘቡን የምናምነው ወረቀቱ ራሱን በራሱ ስለሚያረጋግጥ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። 24 ካርቶን ፈሳሽ ሳሙና፣ አንዱ በ1,850 ብር፤ ድምሩ 44,400፣ ቫቱ 6,660፣ ጠቅላላው 51,060 ብር። የአቅራቢው ማኅተም አንዷ 4 ላይ አርፎባት ኦሲአሩ 44,100 ብሎ አነበበ፤ እርግጠኛነቱንም ከፍተኛ አድርጎ ነው የሰጠን። ግን የ44,100 ቫት 6,615 ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ 6,660። እዚያው ተያዘ። ኮዱ ሁለት መስመር ነው፦

```
abs(subtotal * 0.15 - vat) <= 0.02
abs(subtotal + vat - total) <= 0.02
```

ከቫት ነፃ የሆነ ዕቃ የተቀላቀለበት ኢንቮይስ ይህን አያልፍም። እሱንም ሰው ያየዋል፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አላስጨነቀንም።

ቀኑ ሌላ ነው። በእኛ አቆጣጠር የሚያትሙ አቅራቢዎች አሉ። 05/02/2017 ማለት ጥቅምት 5 ቀን 2017 ነው፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 15 ቀን 2024። ዓመተ ምሕረቱ በሰባትና በስምንት ስለሚለያይ፣ አዲስ በመጣ ኢንቮይስ ላይ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አያደናግርም። ስህተቱ የሚመጣው ዓመቱ ላይ ስምንት ደምረው ወርና ቀኑን እንዳለ ሲተዉት ነው። ያኔ የጥቅምቱ ግዢ ፌብሩዋሪ 2025 ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ቫቱም የሌላ ወር ማስታወቂያ ውስጥ ይገባል። መቀየር ያለበት ሙሉው ቀን ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ወረቀቱን ከራሱ ወይም ከመዝገብ ጋር በማስተያየት የሚያዝ ነው። ምንም የሚያመሳክረው የሌለው አንድ ቁጥር አለ፤ የኢንቮይስ ቁጥሩ። እኛን የጎዳንም እሱ ነው።

ከዚያው የሳሙና አቅራቢ 48 ካርቶን አዝዘን ነበር። ዕቃው በሁለት ጊዜ፣ 24፣ 24 ሆኖ መጣና መጋዘኑ ሁለቱንም ተረከበ። የመጀመሪያው ኢንቮይስ ሲደርስ ሮቦቱ ሞልቶ ፓርክ የሚለውን ተጫነ። በዚያችው ቅጽበት መብራት ጠፋና ሮቦቱ ያለበት ኮምፒውተር ተዘጋ። ሰርቨሩ ሌላ ቦታ ስለሆነ ኢንቮይሱ ገብቷል። ሮቦቱ ግን የሰነድ ቁጥሩን ሳያይ ስለቆመ፣ መብራቱ ሲመጣ የሥራ ዝርዝሩ ላይ «አልተጠናቀቀም» የሚል ሆኖ ቆየ። ልጅቷ ይህን አይታ ወረቀቱን አንሥታ በእጇ አስገባችው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ኤስኤፒ የተደገመ ኢንቮይስ አይይዝም ወይ ትሉ ይሆናል። አቅራቢው መዝገብ ላይ ማረጋገጫው ምልክት ከተደረገበት ይይዛል፤ የእኛም ተደርጎበታል። ነገር ግን የሚያስተያየው `Reference` ሳጥን ውስጥ ያለውን ፊደል በፊደል ነው። ሮቦቱ ወረቀቱ ላይ እንዳለው `00004471` ብሎ ጽፏል። ልጅቷ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው ዜሮዎቹን ትታ `4471` ብላለች። ለሲስተሙ ሁለት የተለያዩ ኢንቮይሶች ናቸው። በብዛትም አልተያዘም፤ መጋዘኑ 48 ስለተረከበ ሁለተኛው 24 ቦታ ነበረው። ሁለቱም ፖስት ተደረጉ።

የታወቀው የሁለተኛው ርክክብ ትክክለኛ ኢንቮይስ ሲመጣ ነው። ሲስተሙ «ሊከፈልበት የሚገባ የቀረ ብዛት የለም» አለ። ዕቃው መጥቷል፣ የመረከቢያ ሰነዱ አለ፣ ወረቀቱ እጃችን ላይ ነው፤ ታዲያ ቦታውን ማን ወሰደው? የግዢ ትዕዛዙን ታሪክ ስንከፍት 51,060 ሁለቴ፣ በአንድ ቀን፣ በሁለት የተለያየ መግቢያ ስም። የክፍያ ጊዜው 30 ቀን ስለነበር ብሩ አልወጣም። ትዕዛዙ በአንድ ጊዜ የደረሰ 24 ብቻ ቢሆን ኖሮ በብዛቱ ወዲያው ይያዝ ነበር፤ በከፊል የሚደርስ ትዕዛዝ ካላችሁ በብዛት ማመሳከሩ ብቻውን አይጠብቃችሁም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ቀየርን። የመጀመሪያው የቁጥሩ አጻጻፍ ነው። ሮቦቱ ክፍተቱንና ከፊት ያሉትን ዜሮዎች አውጥቶ ያስገባል፤ በእጅ የሚያስገባም ሰው በዚያው ሕግ ነው። ፊደል ግን አናወጣም። አንድ አቅራቢ `A-471` እና `B-471` የሚሉ ሁለት ጥራዞች ካሉት ፊደሉን ብናወጣ እውነተኛውን ኢንቮይስ «የተደገመ» ብለን እንመልሰዋለን።

ሁለተኛውና ትልቁ፣ ሮቦቱ ሥራውን የሚጽፍበት መንገድ ነው። ፓርክ ከመጫኑ በፊት «ጀምሬያለሁ» ብሎ ይጽፋል፣ የሰነድ ቁጥሩን ሲያገኝ ቁጥሩን ጨምሮ «ጨርሻለሁ» ይላል። መካከል ላይ ከቆመ፣ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው በአቅራቢውና በኢንቮይስ ቁጥሩ ኤስኤፒ ውስጥ መፈለግ ነው። ካገኘው የሰነድ ቁጥሩን ወስዶ ይዘጋዋል፣ ካላገኘው እንደ አዲስ ይሞላል። «ጀምሬያለሁ» ላይ የቆመ ወረቀት ልጅቷ ስክሪን ላይ በቢጫ ይታያል፣ ቢጫ የሆነውን ማንም በእጁ አያስገባም። ለመሞከር ሮቦቱ እየሠራ ሳለ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቀልነው፤ ከፓርኩ በፊት፣ በላዩ ላይ፣ ከእሱ በኋላ። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ሰነድ ብቻ ተገኘ።

ሲስተማችሁ በኤፒአይ መረጃ የሚቀበል ከሆነ፣ ለምሳሌ ኦዱ ከሆነ፣ ስክሪን ላይ የሚጫን ሮቦት አያስፈልጋችሁም፤ በቀጥታ ላኩ። የእኛን ሲስተም የሚያስተዳድረው ክፍል ያንን በር አልከፈተልንም። በኤፒአይም ቢሆን ግን መልሱ ሳይደርስ መስመር ከተቋረጠ ጥያቄው ያው ነው፤ ገብቷል ወይስ አልገባም? ድጋሚ ከመላካችሁ በፊት ፈልጉ።

አሁን የቀረን የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ነው። ሾፌር ኪስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከርሞ፣ ፊደሉ ገርጥቶ የሚመጣውን ምንም ዓይነት ስካን አያድነውም። እሱን ዛሬም ልጅቷ መስኮት አጠገብ ወስዳ፣ ወደ ብርሃኑ አዘንብላ ነው የምታነበው።