የጤፍ ጆንያ ላይ የምትተኛው ድመት፦ የአንድ ገጽ ትሪትመንት አጻጻፍ

«መርካቶ ውስጥ የምትኖር አንዲት ድመት በጣም ብቸኛ ናት።» ለአጭር የአኒሜሽን ፊልም የሚጻፍ ትሪትመንት በዚህ ዓረፍተ ነገር ከጀመረ፣ ሰዓሊው እርሳሱን ይዞ ይቀመጣል እንጂ የሚሥለው አያገኝም። ብቸኝነት መልክም ቀለምም የለውም። ድመቷ የት እንደተኛች፣ ማን ተራምዷት እንዳለፈ፣ ጅራቷን ለማን እንዳነሳች ግን ይሣላል። ትሪትመንት መጻፍ ማለት በአብዛኛው የማይሣለውን ቃል አውጥቶ በቦታው የሚሣል ድርጊት ማስገባት ነው።

ትሪትመንት ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስድ ንባብ የሚተርክ ጽሑፍ ነው። እንደ ስክሪፕት ትዕይንቶቹ በቁጥር አይከፋፈሉም፤ የገጸ ባሕርያት ንግግርም ተራ በተራ አይጻፍም። ሁሉ ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ ይተረካል፤ «ሄደች» ሳይሆን «ትሄዳለች» ይባላል። መጨረሻውም አይደበቅም። የፊልም ማስታወቂያ ተመልካችን ለማጓጓት ታሪኩን መሐል ላይ ሊያቋርጠው ይችላል። ትሪትመንቱን የሚያነበው ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ወይም ወራቱን በሥዕል የሚያሳልፈው ሰው ስለሆነ፣ ድመቷ ምን ላይ እንደምትደርስ አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው።

አንድ ገጽ የሚበቃው ፊልሙ አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። ስለዚህ የ5 ደቂቃ ፊልም 7,200 ምስል ይፈልጋል ማለት ነው። በእጅ የሚሠሩ ሰዓሊዎች ብዙውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ስለሚጠቀሙበት ሥራው ወደ 3,600 ሥዕል ይወርዳል፤ ይህም ቢሆን የሚንቀሳቀሰው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን ነው። በትሪትመንቱ ላይ «ገበያው በሰው ተጨናንቋል» ብሎ መጻፍ ሦስት ቃል ይፈጃል። ያንን ሰው ሁሉ ከነፊቱና ከነልብሱ እያንቀሳቀሱ መሣል ግን የአነስተኛ ቡድንን ዓመት ሊበላ ይችላል። ገጹ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሥራ ውልም ነው የምለው ለዚህ ነው።

የእኛ ድመት ምን እንደጎደላት እንጠይቅ። ብዙ ጀማሪዎች «ምግብ» ብለው ይመልሳሉ። ከልኳንዳ ቤት ደጃፍ ትባረራለች፣ ፌስታል ትቧጥጣለች፣ በመጨረሻም አንድ ደግ ሰው ቅንጥብጣቢ ይወረውርላታል። ይህ የረሃብ ታሪክ እንጂ የብቸኝነት ታሪክ አይደለም። ሁለቱ ሲደባለቁ ተመልካቹ ድመቷ ስትጠግብ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ድመቷን ከልኳንዳው አንስተን እህል በረንዳ ብናኖራት ይሻላል። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ ድመቷ በልታ ታድራለች። ረሃቡ ከመንገዱ ሲነሳ ሌላው ጉድለት ብቻውን ይታያል።

በዚያ ገበያ ለድመት የሚመቸው መኝታ የተደረደረ ጆንያ ነው፤ ደረቅ ነው፣ ከመሬት ከፍ ይላል፣ ሙቀት ይይዛል። ችግሩ ጆንያው የተቀመጠው ለሽያጭ መሆኑ ነው። ማታ የተኛችበት ጠዋት በተሸካሚ ጀርባ ላይ ይሄዳል። ሁሉ ነገር በሚሸጥበት ቦታ ለእሷ የሚቀር ነገር የለም። ይህ ሊሣል የሚችል ብቸኝነት ነው፤ ገጹም ከዚህ ይነሳል፦

«ገና አልነጋም። እህል በረንዳ። ከሩቅ የአንዋር መስጊድ አዛን ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደወል። በመጋዘን ደጃፍ በተደረደሩ የጤፍ ጆንያዎች ላይ አንዲት ግራጫ ድመት ተጠቅልላ ተኝታለች። ሁለት እጆች ጆንያውን ከሥሯ ይስቡታል። ወደ ቀጣዩ ትዘላለች፤ እሱም ይነሳል። ወደ ሦስተኛው ትዘላለች። የመጨረሻው ጆንያ በተሸካሚ ጀርባ ላይ ሲርቅ ድመቷ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ታየዋለች።

ቀኑ ይሞቃል። ገበያውን የምናየው በእሷ ቁመት ነው፤ ጫማ፣ የጋሪ ጎማ፣ የአህያ ኮቴ፣ የነጠላ ጫፍ። አይጥ ትይዛለች፣ ትበላለች፣ አፏን ትልሳለች። ከዚያ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ወደ አንድ ቦቲ ጫማ ትጠጋለች፤ ጫማው ያልፋል። ወደ አንድ ሰንደል ትጠጋለች፤ እሱም ያልፋል።

አንድ የእህል ነጋዴ ጆንያ ሚዛን ላይ ያስጭናሉ። ድመቷ ጆንያው ላይ ወጥታ ትጠቀለላለች። የሚዛኑ ቀስት 103 ኪሎ ላይ ይቆማል። ነጋዴው ግራ ገብቷቸው ጎንበስ ይላሉ፤ በፊልሙ የሰው ፊት ስናይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ድመቷ ዓይኗን በቀስታ ጨፍና ትከፍታለች። ከላይ የገዢው ቁጣ ይሰማል። ነጋዴው በክንዳቸው ገፍተው ያወርዷታል፤ ቀስቱ ወደ 100 ይመለሳል። ድመቷ በጫማዎች መሐል ትጠፋለች።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል። ጫማዎቹ ይበተናሉ። ነጋዴው የመጨረሻውን ጆንያ ይመዝናሉ፤ ቀስቱ ልክ 100 ላይ ነው። ጎንበስ ብለው ከጆንያው ጀርባ ያያሉ፤ ምንም የለም። የብረት መዝጊያውን ሲያወርዱ ከታች አንድ ስንዝር ክፍት ይተዋሉ።

በማግስቱ ጠዋት እጆቹ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ያነሳሉ። አንድ ቀርቷል፤ ድመቷ ላዩ ላይ ተኝታለች። የተሸካሚው እጆች ይዘረጋሉ። የነጋዴው እጅ ወርዶ ጆንያው ላይ ያርፋል። የተሸካሚው እጆች ባዷቸውን ይመለሳሉ። ድመቷ አልነቃችም።»

ገጹ ይኸው ነው። «ብቸኛ» የሚል ቃል የለበትም፤ «አዘነች»ም «ተከፋች»ም የለም።

ከሁሉ የበለጠ ሥራ የሚሠራው አንድ ውሳኔ ካሜራው የሚቀመጥበት ከፍታ ነው። የድመት ዓይን ከመሬት አንድ ስንዝር ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ ሲታይ ሰው ፊት የለውም፤ እግር ብቻ ነው። ተመልካቹ እንደ ድመቷ በማይቆሙ እግሮች መሐል ይቀራል፤ ብቸኝነቱም ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ጄይዳ ቶሩን ስለ ኢስታንቡል የጎዳና ድመቶች በሠራችው «ኬዲ» በተባለው እ.ኤ.አ. የ2016 ዘጋቢ ፊልም ካሜራው ወደ መሬት ወርዶ ከተማዋን ከድመቶቹ ጋር ሲያይ ምን ያህል እንደሚለውጣት ይታያል። ይኸው ውሳኔ የበጀቱንም ችግር ያቃልላል። የሚራመድ እግር አንድ ሙሉ ዑደት አሥራ ሁለት ያህል ሥዕል ይበቃዋል፤ ያው ዑደት እየተደገመ፣ ጫማና ቀለም እየተቀየረለት፣ ገበያውን ሊሞላ ይችላል። ፊት ያለው ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ ሰዓሊው ጉልበቱን ሁሉ እሱ ላይ ያውላል።

ሁለተኛው ውሳኔ ድመቷ ትናገራለች ወይስ አትናገርም የሚለው ነው። በእኛ ተረት እንስሳ ቢናገር ማንንም አይገርምም። አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ተሳፍረው ስለ ሂሳብ የተጣሉበትን የከተማ ተረት ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ «ሂሳብ» በተሰኘ አጭር አኒሜሽን ሠርቶታል፤ እዚያ እንስሳቱ እንደ ሰው መሆናቸው የታሪኩ ሕይወት ነው። የእኛ ድመት ግን ብትናገር የሚሰማት ተመልካች ታገኛለች፤ ያኔ ብቻዋን መሆኗ ይቀራል። የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ «ፍሎው» በተባለው ፊልሙ አንዲትን ድመት ያለ አንድ ቃል ንግግር ረጅም ፊልም ሙሉ ይዟት ሄዷል፤ ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ለአምስት ደቂቃ ንግግር አያስፈልግም ማለት ነው። በእኛ ገጽ የሰው ድምፅ ከላይ የሚመጣ የማይለይ ጫጫታ ነው። አዛኑና ደወሉ ደግሞ ሰዓቱን ስለሚናገሩ «ጎህ ሲቀድ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ አያሻም።

ንግግር ከቀረ አካሏ መናገር አለበት፤ ይህ ደግሞ ድመትን ማወቅ ይጠይቃል። ቀጥ ብሎ የቆመ ጅራት የወዳጅነት ሰላምታ ነው። በቀስታ ዓይንን ጨፍኖ መክፈትም እንደዚሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሰው በዚህ መንገድ ዓይኑን ሲያርገበግብላቸው ድመቶች ወደ እሱ ለመቅረብ የበለጠ እንደሚደፍሩ አሳይቷል። ገጹ ላይ «በፍቅር ታየዋለች» ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ሰዓሊ ፈገግታ ይሥልላታል፣ ሌላው የሚያብረቀርቅ የሕፃን ዓይን። «ዓይኗን በቀስታ ጨፍና ትከፍታለች» ሲባል ሁለቱም አንድ ነገር ይሥላሉ።

ሚዛኑን ልብ በሉልኝ። ቀኑን ሙሉ ለማንም እንደሌለች ስትታለፍ የነበረች ፍጥረት በድንገት ሦስት ኪሎ ሆና ትገኛለች፤ ቀስቱ መኖሯን መሰከረ። ከተባረረች በኋላ ደግሞ ያው ቀስት ልክ 100 ላይ ሲቆም ለነጋዴው ጉድለት ሆኖ ይታያቸዋል። የሰውየውን የልብ ለውጥ ያለ ንግግር የምንረዳው አንድ ቁጥር በሁለት ቦታ ሁለት ትርጉም ስለያዘ ነው። ጸሐፊ እንዲህ ያለ ዕቃ ካገኘ በሌሎች ክስተቶች ባይከበው መልካም ነው። የውሻ ማሳደድ፣ የመኪና አደጋ፣ የጠፋች ግልገል፣ እነዚህ ሁሉ ሲጨመሩ ገጹ ይሞላል እንጂ ታሪኩ አይሞላም።

መጨረሻው ላይ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ነጋዴው ድመቷን ታቅፈው ወደ ቤታቸው እንዲወስዷት ማድረግ ነው። ጠዋት በክንዳቸው የገፏት ሰው በአንድ ቀን ዝናብ እዚያ አይደርሱም፤ አንድ ጆንያ ሳይሸጡ ማቆየት ግን ይችላሉ፤ የሚያስከፍላቸውም ምን ያህል እንደሆነ ገበያተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው ፈተና ሌሊት አይጥ ጆንያ እንዲቀድና ነጋዴው የድመቷን ዋጋ እንዲረዱ ማድረግ ነው። ይህ ብልህ ቢመስልም ታሪኩን ያጠፋዋል፤ ጠቃሚ ሆና መፈለጓን እንጂ እንዲሁ መወደዷን አያሳይም።

ገጹ መሥራቱን የሚያረጋግጥ ቀላል ፈተና አለ። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ከዚያ ወረቀቱን ደብቃችሁ ታሪኩን መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ሚዛኑንና የቀረውን ጆንያ ካነሳ ገጹ ይዟል። «አንዲት ምስኪን ድመት ነበረች፣ በመጨረሻ ሰው አዘነላት» ብቻ ካለ፣ ድርጊቶቹ አልታዩትም ማለት ስለሆነ ወደ ግሦቹ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ገጹ ወደ ስቶሪቦርድ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ድርጊት በትንሽ ሣጥን ውስጥ በችኮላ ይነደፋል። ንድፎቹ ከድምፅ ጋር በሰዓታቸው ሲደረደሩ አኒማቲክ ይባላሉ፤ ፊልሙ ከአምስት ደቂቃ ማለፉ የሚታወቀው እዚህ ነው። ቢያልፍ መጀመሪያ የሚቀነሰው የቀኑ የገበያ ትዕይንት ነው፤ ሁለት ጫማ ካለፋት ሦስተኛው አያስፈልግም። ነጋዴው ባዶውን ቦታ የሚያዩበት ቅጽበት ግን አይነካም፤ እንዲያውም ከሌላው ተቀንሶ ለእሱ ሁለት ሰከንድ ቢጨመር ይሻላል።