ገና ያልተሠራ ሆቴል ምስል፦ ፕሮፖዛሉ ላይ ምን ይጻፍ?

መሠረቱ እየተቆፈረ ያለ ሆቴል አጥር ላይ፣ መብራቱ በርቶ እንግዶች ሲገቡበት የሚያሳይ ትልቅ ምስል ያላየ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። በሙያው ሰዎች አፍ «ሬንደር» ይባላል፤ ከአርክቴክቱ ፕላን ተነሥቶ በኮምፒውተር ይሠራል። ብዙ ጊዜ የሚሠራውም ላፕቶፑን ይዞ በግሉ የሚንቀሳቀስ ባለሙያ ነው። ከሆቴሉ ባለቤት ጋር ሲጣላ የጠቡ መነሻ የምስሉ ማማር አለማማር ሳይሆን «ይሄማ ከዋጋው ውስጥ ነበር» የሚለው ክርክር ነው።

ለምሳሌ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ጂ ፕላስ 4 ሆቴል የሚያሠሩ ባለቤት ባለሙያውን ጠርተው «ሆቴሉን በስሪዲ አሳየኝ» አሉት እንበል። ለእሳቸው ሆቴሉ ማለት ከጥበቃ ቤቱ እስከ ጣሪያው ነው። ባለሙያው ግን ካሜራው የማያየውን ግድግዳ አይሠራም። ስለዚህ ደህና ፕሮፖዛል «ሆቴሉን» ብሎ አያልፍም፤ ምስሎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከመንገድ በኩል በቀን፣ ከሐይቁ በኩል ሲመሽ፣ እንግዳ መቀበያው፣ አንድ የመኝታ ክፍል፣ የምግብ ቤቱ በረንዳ፤ በቃ፣ አምስት ምስል። መዋኛ ገንዳው በሁለተኛው ምስል ጥግ ላይ ብቅ ቢልም ለብቻው አይታይም።

ከባለቤቱ የሚጠበቀውም እዚያው ይሰፍራል፦ የጸደቀው ፕላን፣ የቦታው ፎቶ፣ የተመረጠው ሴራሚክና ሶፋ። ካልመጣ ባለሙያው ከራሱ ክምችት ይመርጣል። ሕንፃው ወደየት እንደሚያይም መጠየቅ አለበት። ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ላይ ፊት ለፊት የምትጠልቅ ጀንበር መሣል፣ በእኔ አስተያየት፣ እንግዳን መዋሸት ነው።

የሚያጨቃጭቀው ክፍል እርማት ነው። «ሁለት ዙር እርማት» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤቱ ሰኞ ስለ ቀለሙ፣ ማክሰኞ ስለ መብራቱ፣ ረቡዕ ወንድማቸው ስላሉት ነገር ቢደውሉ ስንት ዙር ሆነ? ጥሩ ፕሮፖዛል እንዲህ ይላል፦ «አንድ ዙር ማለት ባለቤቱ በአምስቱም ምስሎች ላይ ያላቸውን አስተያየት በሙሉ ሰብስበው በአንድ ጽሑፍ የሚልኩበት ነው።»

ዙሩ የሚመጣበት ጊዜም ዋጋ አለው። መጀመሪያ ቀለምም ዕቃም የሌለበት ግራጫ ረቂቅ ይላካል። እዚህ ላይ የሚወሰነው ካሜራው ከየት እንደሚያይና ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ደረጃው በቦታው መሆኑ ነው። በዚህ ደረጃ መስኮት ማዛወር ቀላል ነው። ባለቤቱ ረቂቁን በጽሑፍ ካጸደቁ በኋላ ወደ ቀለሙ፣ ድንጋዩና መብራቱ ይታለፋል፤ ሁለቱ ዙሮችም የሚቆጠሩት ከዚህ በኋላ ነው። የመጋረጃ ቀለም መቀየር እርማት ነው። «እንግዳ መቀበያውን በመስታወት እናድርገው» ማለት ግን የዲዛይን ለውጥ ነው፤ መቀበያው ከመንገድ በኩል በተነሣው ምስል ላይም ስለሚታይ ብርሃኑ እንደገና ይሰላል፣ ሁለት ምስል ከአዲስ ይሠራል። ይህ ለብቻው እንደሚከፈል ቀድሞ ካልተጻፈ ባለሙያው በነፃ ይሠራል፣ ወይም ሥራውን ጥሎ ይጠፋል።

የምስሉ መጠንና ዓይነት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይጣላል፤ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ካሜራው ከመቆሙ በፊት ነው። ቲቪ ላይ ፎርኬ የሚባለው ምስል 3840 በ2160 ነጥብ ነው። በብሮሹር ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ሲታተም ወርዱ 32 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል። ሙሉ ኤስሪ ወረቀት ለመሙላት 4961 በ3508 ያስፈልጋል፤ ነጥቡ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩም በዚያው ልክ ይቆያል።

የአጥሩ ባነር ግን ሌላ ነው። ይኸው የኤስሪ ምስል 6 ሜትር ቢለጠጥ አንዱ ነጥብ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከአምስት ሜትር ወዲያ የቆመ ሰው ነጥቡን አይለይም። ችግሩ ቅርጹ ነው። 6 በ3 ሜትር ባነር ወርዱ የቁመቱ እጥፍ ስለሆነ፣ ለኤስሪ የተዘጋጀው ምስል ሲገባበት ከላይ ጣሪያው ወይም ከታች መግቢያው ይቆረጣል። ባነር እንደሚኖር ባለሙያው ካወቀ ግራና ቀኙን ቀድሞ ያሰፋል።

ርክክቡ ላይ ለማተሚያ ቤት ቲፍ፣ ለድረ ገጽና ለማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ ቀለል ያለ ጄፔግ ይሰጣል። በቴሌግራም ከተላከ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ በፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ራሱ ያሳንሰዋል። የስሪዲ ሞዴሉ ፋይል ግን፣ ፕሮፖዛሉ ላይ «ይካተታል» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ እንደ ልማዱ ባለሙያው ዘንድ ይቀራል፤ ባለቤቱ ከዓመት በኋላ ለሌላ ሰው ሰጥተው ማሠራት ካሰቡ ዋጋውን ዛሬ ይጠይቁ።