የሚቀንስ የሚመስል ወለድ

አንዲት ልብስ ሰፊ ኦቨርሎክ ማሽን ለመግዛት ከአንድ የማይክሮፋይናንስ ተቋም 60,000 ብር ተበደረች እንበል። ብድሩ በ12 ወር የሚከፈል ሲሆን ወለዱ 18 በመቶ ነው፤ የሂሳብ መግለጫው አናት ላይም «ወለዱ በቀሪ ዕዳ ላይ ይታሰባል» የሚል ተጽፏል። የወር ክፍያዋ 5,900 ብር ነው። ከሥር የተደረደረው የክፍያ ሰንጠረዥ በመጀመሪያው ወር 1,661 ብር ከ54 ሳንቲም፣ በሁለተኛው 1,523 ብር ከ8 ሳንቲም ለወለድ ይይዝና እንዲህ እያነሰ ሄዶ በአሥራ ሁለተኛው ወር 138 ብር ከ46 ሳንቲም ላይ ይደርሳል። ወለዱ በዛብኝ ብላ ብትጠይቅ የብድር ሠራተኛው የወለዱን ዓምድ በጣቱ ከላይ ወደ ታች እየተከተለ «እትዬ፣ ይኸው በየወሩ እየቀነሰ አይደል?» ይላታል። ቁጥሩ በእርግጥም ይቀንሳል። ወለዱ ግን በቀሪ ዕዳ ላይ የታሰበ አይደለም።

ነገሩን ለመያዝ ሁለቱን አሠራሮች መለየት ያስፈልጋል። በቋሚ ወለድ፣ የብድር ሠራተኞች «ፍላት» በሚሉት፣ ወለዱ መጀመሪያ በተወሰደው ገንዘብ ላይ አንዴ ይሰላል። የ60,000 ብር 18 በመቶ 10,800 ብር ነው፤ ዋናውና ወለዱ ተደምሮ 70,800 ይሆንና ለ12 ሲካፈል በወር 5,900 ይመጣል። ተበዳሪዋ ግማሹን ዕዳ ከፍላ ስትጨርስም ወለዱ የሚታሰብባት 60,000 ብር እጇ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ነው። በቀሪ ዕዳ ሲታሰብ ደግሞ ወለድ የሚከፈለው ገና ባልተመለሰው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። 18 በመቶው በትክክል በዚህ መንገድ ቢሰላ ኖሮ የወር ክፍያዋ 5,500 ብር ከ80 ሳንቲም፣ የዓመቱ ወለድ ደግሞ ወደ 6,010 ብር ገደማ ይሆን ነበር። ልዩነቱ 4,790 ብር ነው።

ቋሚ ወለድ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። በደብተርና በካልኩሌተር ለሚሠራ የገጠር ቅርንጫፍ ቀላል ነው፤ ክፍያው ሙሉ ቁጥር ስለሚሆን ለቡድን አባላት ማስረዳትም አያስቸግርም። ጥፋቱ የሚመጣው የአንዱን ሂሳብ በሌላው ስም ሲጠሩት ነው። «18 በመቶ በቀሪ ዕዳ» የሚለውን ያነበበች ሴት ያንን ከሌላ ተቋም 24 በመቶ ጋር ታወዳድርና ርካሽ አገኘሁ ብላ ውድ የሆነውን ትፈርማለች።

ማጣራቱ የሚጀምረው ከሰንጠረዡ የመጀመሪያ መስመር ነው። በመጀመሪያው ወር ገና ምንም ስላልተከፈለ ቀሪው ዕዳ ራሱ ብድሩ ነው። ስለዚህ 60,000ን በ18 በመቶ አባዝቶ ለ12 ማካፈል ይበቃል፤ መልሱ 900 ብር ነው። መግለጫው የያዘው ግን 1,661 ብር ነው። የተጻፈው ምጣኔና የተሠራበት ሂሳብ አይገናኙም ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ተቋም ወለዱን በቀን ስለሚቆጥር ባለ31 ቀኑ ወር 917 ብር ሊያሳይ ይችላል፤ ብድሩ ከተለቀቀ በኋላ የመጀመሪያው ክፍያ የተጠየቀው በ45ኛው ቀን ከሆነም ወለዱ ወደ 1,330 ብር ይጠጋል። ከመቆጣት በፊት የተለቀቀበትንና የመጀመሪያው ክፍያ የሚውልበትን ቀን ማየት ያሻል። የእኛ ልብስ ሰፊ ግን የመጀመሪያ ክፍያዋ ልክ በወሩ ስለሆነ ይህ ምክንያት አይሠራላትም።

ቀጥሎ የወለዱን ዓምድ እስከ መጨረሻው መደመር ነው። ድምሩ 10,800 ብር ይመጣል። ይህ ቁጥር ሁሉን ይናገራል፤ ከብድሩ 18 በመቶ ጋር ሳንቲም አይለያይም። በዓመት ውስጥ በየወሩ እየተመለሰ ያለቀ ብድር ድምር ወለዱ ከብድሩ ሙሉ መቶኛ ጋር እኩል ከሆነ፣ የሠንጠረዡ መልክ ምንም ይሁን ምን ወለዱ ቋሚ ነው።

ታዲያ ያ የሚቀንሰው ዓምድ ከየት መጣ? ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች ስንደምር 78 እናገኛለን። ድሮ ከኮምፒውተር በፊት የኖረ አንድ ስሌት የዓመቱን ወለድ በ78 ይከፍልና ለመጀመሪያው ወር 12 እጅ፣ ለሁለተኛው 11 እጅ፣ ለመጨረሻው 1 እጅ ይመድባል። 10,800ን ለ78 አካፍለው በ12 ቢያባዙት ያው 1,661 ብር ከ54 ሳንቲም ይወጣል። የተከፈለው ወለድ በሙሉ አልተነካም፤ በወራቱ ላይ የተደለደለበት መንገድ ብቻ ነው የተቀየረው። መግለጫው በዚህ መንገድ ሳይሆን በየወሩ 900፣ 900፣ 900 እያለ ቢቀጥል ማንም ይነቃበት ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበው ዓምዱ የሚቀንሰው ነው፤ የሚያየው ሰው ዓይኑን አምኖ ካልኩሌተሩን ያስቀምጣል።

ጉዳቱ በግልጽ የሚወጣው ብድሩን ቀድሞ ለመዝጋት ሲፈለግ ነው። ሴትዮዋ ስድስት ወር ከፍላ የበዓል ሥራ ጥሩ ገንዘብ አመጣላትና ዕዳዋን ልትዘጋ ሄደች እንበል። እስካሁን የከፈለችው 35,400 ብር ነው፤ መግለጫው ቀሪ ዋና ዕዳሽ 32,492 ብር ነው ይላታል። በእውነተኛው የቀሪ ዕዳ ስሌት ቢሆን ከፍላው የነበረው 33,005 ብር ሲሆን ቀሪዋ 31,339 ብር ይሆን ነበር። 2,395 ብር አብልጣ ከፍላ፣ ዕዳዋ በ1,153 ብር ይበልጣል። ገና ያልደረሱት ወራት ወለድ ከፊሉ አስቀድሞ ስለተወሰደባት ነው።

እውነተኛውን ምጣኔ ማወቅ የፈለገ በግምት ሊደርስበት ይችላል። በየወሩ 5,000 ብር ዋና ገንዘብ እየመለሰች ብትሄድ በዓመቱ ውስጥ በአማካይ እጇ ላይ የሚቆየው 32,500 ብር ነው። 10,800ን ለ32,500 ስናካፍል 33 በመቶ ገደማ ይወጣል። በስልክም ሆነ በኮምፒውተር ላይ ባለ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ይህን ቢጽፉ ደግሞ ይበልጥ ትክክለኛው ይመጣል፤

```
=RATE(12,-5900,60000)*12
```

መልሱ 31.7 በመቶ ያህል ነው። 18 የተባለው ማለት ነው። ከብድሩ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ወይም የግዴታ ቁጠባ ተቀንሶ የተሰጣት ከሆነ 60,000 በሚለው ቦታ እጇ የገባውን ብር ማስገባት አለባት፤ ምጣኔውም ከዚህ በላይ ይወጣል።

ስሌቱ ከተያዘ በኋላ የሚፈለገው ውሉ ነው። መግለጫው የተሳሳተ ርዕስ ይዞ ውሉ ግን ቋሚ ወለድ መሆኑን በግልጽ ከጻፈ፣ 4,790 ብሩን ማስመለስ ይከብዳል፤ መግለጫው እንዲታረምና ዕዳው ቀድሞ ሲዘጋ ያልደረሱት ወራት ወለድ እንዲቀርላት ለመደራደር ግን ይጠቅማታል። ውሉም «በቀሪ ዕዳ» የሚል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ትርፍ የተወሰደው ገንዘብ የእሷ ነው። ቅሬታው በመጀመሪያ ለራሱ ለተቋሙ በጽሑፍ ይገባል፣ ማመልከቻውን የተቀበለበት ማኅተም ያለው ቅጂ በእጇ ይቀራል፤ ካልተመለሰላት ወደ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ትችላለች። በቡድን ዋስትና የተበደረች ከሆነ የጓደኞቿንም መግለጫ አብራ ብታይ ጥሩ ነው፤ በአንድ ፎርም የወጣ ስሌት የአንዷን ብቻ አያሳስትም።